ሰላም «ሰላáˆ» ሆኖ ሲመጣ

ሰላáˆ

ከላይ የምታዩት ሰላም የሚለው ቃል ነው። የላኪው ኮምፒውተር ላይ ሰላም ተብሎ ተጻፈ፤ የተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ግን እንዲህ ሆኖ ተከፈተ። በአማርኛ የተሞላ ሰነድ፣ የስም ዝርዝር ወይም የፊልም የግርጌ ጽሑፍ ተልኮለት ይህን የመሰለ ነገር ያየ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል፤ ትዕግሥት ያለው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይተይበዋል። ሁለቱም ሳይደክሙ ሊቀሩ ይችሉ ነበር፤ ምክንያቱም ይህ ዝብርቅርቅ ሥርዓት አለው። በየትኛው መንገድ እንደተዘበራረቀ ካወቅን፣ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። የባለሙያዎቹ ስሙ ሞጂባኬ ነው፤ ጃፓኖች ያወጡለት ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚወስነው በስምምነት የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ይህ ሰንጠረዥ ኢንኮዲንግ ይባላል። ዛሬ አማርኛ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ዩቲኤፍ-8 ነው። በዚህ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው። ሰ 225፣ 136፣ 176 ተብላ ትቀመጣለች። ላ 225፣ 136፣ 139 ናት። ም ደግሞ 225፣ 136፣ 157። ስለዚህ «ሰላም» በፋይሉ ውስጥ ዘጠኝ ቁጥሮች ናቸው።

አሁን ይህን ፋይል ዊንዶውስ-1252 በሚባለው የቆየ ሰንጠረዥ የሚያነብ ፕሮግራም ከፈተው እንበል። ይህ ሰንጠረዥ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተሠራ ነው፤ በእሱ ዘንድ አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው። ስለዚህ ሦስቱን ቁጥሮች በአንድነት ማንበቡን ትቶ አንድ በአንድ ይተረጉማቸዋል። 225 ሲያገኝ á ይጽፋል፣ 136 ሲያገኝ ˆ ይጽፋል፣ 176 ሲያገኝ ° ይጽፋል። ሰ የነበረችው áˆ° ሆነች ማለት ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን አንዱም አልተነካም። የተሳሳተው ንባቡ ብቻ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ጠቃሚው ነገር የእኛ ፊደል ሲዘበራረቅ የራሱ መልክ ያለው መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ያኔ የገቡት 345 ምልክቶች ሁሉም በአንድ ሰፈር ነው የተቀመጡት። በዚህ ምክንያት የሁሉም የመጀመሪያ ባይት 225 ነው፤ ሁለተኛው ባይት ደግሞ ከ136 እስከ 141 ካሉት አንዱ ነው። ስለዚህ የተዘበራረቀ አማርኛ በየሦስት ቦታው á ይደጋግማል፤ ከá ቀጥሎም ˆ፣ ‰፣ Š፣ ‹ ወይም Œ ይመጣል። ይህን ካያችሁ ጽሑፉ አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ግዕዝ እንደነበረ፣ በዩቲኤፍ-8 ተጽፎ በ1252 እንደተነበበ አትጠራጠሩ።

ሁለተኛዋ ምልክት የፊደሉን ሰፈር ጭምር ትናገራለች። ˆ ካለ ከሀ እስከ ሸ ካሉት አንዱ ነው። ‰ ካለ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ቸ ቤት ውስጥ ነን። Š የነ፣ የኘ፣ የአ እና የከ ናት፤ ‹ የወ፣ የዘ፣ የየ እና የደ፤ Œ ደግሞ የጀ፣ የገ፣ የጠ፣ የጨ እና የጸ። ጥቂት ጊዜ የተለማመደ ሰው የተዘበራረቀ ስም አይቶ በግምት ሊያነበው ይችላል።

á የሚታየው ግን የአውሮፓውን ሰንጠረዥ በሚጠቀም ኮምፒውተር ላይ ነው። ያንኑ ፋይል እስራኤል ውስጥ ለዕብራይስጥ የተዘጋጀ ዊንዶውስ ቢያነበው ሰንጠረዡ 1255 ነውና 225 ቁጥር ב ይሆናል፤ ገጹ በדና በו ሳይሆን በዚያች በአንዲት ፊደል ይሞላል። ሪያድ ወይም ዱባይ ለዐረብኛ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ሰንጠረዡ 1256 ነው፤ እዚያ 225 ማለት ل ነው። ስለዚህ ዘመድ «የላክልኝ ፋይል በዐረብኛ ነው» ቢላችሁ ከመከራከር በፊት የላምን ብዛት ጠይቁት። አማርኛችሁ እዚያው አለ።

ብዙ ጊዜ ይህ የሚያጋጥመው በኤክሴል ስለሆነ አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንከተል። አንድ የእድር ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝር በጉግል ሺትስ ይይዛል እንበል። ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ለመላክ ዝርዝሩን `.csv` አድርጎ ያወርደዋል። ጉግል ሺትስ ይህን ፋይል በዩቲኤፍ-8 ይጽፈዋል፤ ነገር ግን መግቢያው ላይ «ይህ ዩቲኤፍ-8 ነው» የሚል ምልክት አያስቀምጥም። ገንዘብ ያዧ ፋይሉን ሁለቴ ስትጫነው ኤክሴል ይከፍተዋል። ኤክሴል ምልክቱን ስላላገኘ የኮምፒውተሩን ነባር ሰንጠረዥ ይወስዳል። ለአማርኛ ተብሎ የተሠራ የዚህ ዓይነት የዊንዶውስ ነባር ሰንጠረዥ ኖሮ ስለማያውቅ፣ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ 1252 ነው። አለሙ በቀለ የሚለው ስም እንዲህ ሆኖ ይታያል፦

```
አለሙ በቀለ
```

እዚህ ላይ የሚደረገው ሁሉን ይወስናል። ገንዘብ ያዧ ምንም ሳትነካ ብትዘጋው ፋይሉ ደህና ነው። ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ በኖትፓድ መክፈት ይበቃል፤ ኖትፓድ ዩቲኤፍ-8ን ራሱ ይለያል። ስሞቹ በአማርኛ ከታዩ ጉዳት የለም፤ የቀረው ኤክሴል በትክክል እንዲያነብ መንገር ነው። ፋይሉን ሁለቴ ከመጫን ይልቅ መጀመሪያ ባዶ የኤክሴል ገጽ ትከፍታለች። `Data` ውስጥ ገብታ `From Text/CSV` ትላለች፤ ፋይሉን ስትመርጥ ቅድመ ዕይታ ይመጣል። እዚያ `File Origin` በሚለው ዝርዝር 65001 ቁጥር ያለውን ዩቲኤፍ-8 ስትመርጥ ፊደሉ ዓይኗ እያየ ይስተካከላል። `Load` ማለት ብቻ ይቀራል። ሊብሬኦፊስ የምትጠቀም ብትሆን ደግሞ ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት `Character set` ብሎ ይጠይቃታል፤ መልሱ ያው ነው።

ጸሐፊውም በበኩሉ ነገሩን ከምንጩ ሊያቆመው ይችላል። ከኤክሴል የሚልክ ከሆነ ሴቭ ሲያደርግ ተራውን ሲኤስቪ ትቶ `CSV UTF-8` የሚለውን ይምረጥ። ይህ ምርጫ ፋይሉ መግቢያ ላይ ሦስት ባይት ያስቀምጣል፤ ኤክሴልም እነዚህን አይቶ ሰንጠረዡን ያውቃል። አልፎ አልፎ አንድ ገጽ ጫፍ ላይ  የሚል ነገር ብታዩ ያ ምልክት ነው፤ ራሱ በተሳሳተ ሰንጠረዥ ተነቦ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ገንዘብ ያዧ ግን ዝብርቅርቁን እያየች ታች አዲስ አባል ጨምራ ሴቭ ብትለውስ? ያን ጊዜ ውጤቱ በመረጠችው ዓይነት ይለያያል። በተራው ሲኤስቪ ከሆነ ኤክሴል á የሚለውን መልሶ 225 ያደርገዋል፣ ˆንም 136፤ ስለዚህ የድሮዎቹ ስሞች ብዙውን ጊዜ ወደ ነበሩበት ባይት ይመለሳሉ። አዲስ የጻፈችው ስም ግን በ1252 ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱ ፊደል ጥያቄ ምልክት ይሆናል። ከበደ የሚለው ??? ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው፤ የጥያቄ ምልክት ማለት 63 ቁጥር ነው፤ ሦስቱም ፊደላት አንድ ዓይነት 63 ሆነዋልና ከፋይሉ ውስጥ የሚወጣ መልስ የለም። የቀረው የፊደሉ ብዛት ብቻ ነው።

በ`CSV UTF-8` ሴቭ ካለችው ደግሞ ዝብርቅርቁ ራሱ እንደ እውነተኛ ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 ይጻፋል። አሁን በኖትፓድ ቢከፈትም á ይታያል። ከዚህ በኋላ ሰንጠረዥ መምረጥ ብቻውን አይረዳም፤ የተደረገውን ስህተት በተቃራኒው ማስኬድ ያስፈልጋል። ይህ ነገር መፈጸሙን በፋይሉ መጠንም ማወቅ ይቻላል። ዘጠኝ ባይት የነበረው «ሰላም» አሁን 19 ባይት ሆኗል። ስህተቱ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ á ራሷ Ã¡ ትሆናለች፤ ሰም ሰ ሆና ትመጣለች። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ከታች ያለውን ሥራ ሁለት ጊዜ ይደግማል።

ሥራው ሁለት እርምጃ ነው። የተዘበራረቀውን ጽሑፍ በ1252 ሰንጠረዥ ወደ ባይት መመለስ፤ ከዚያ ባይቱን እንደ ዩቲኤፍ-8 ማንበብ። ኖትፓድ++ ያለው ሰው ነባር ሰንጠረዡ 1252 በሆነ ኮምፒውተር ላይ `Encoding` ውስጥ `Convert to ANSI` ይላል፣ ቀጥሎ እዚያው ዝርዝር ውስጥ `UTF-8` የሚለውን ይመርጣል። መጀመሪያ የሚለወጠው ባይቱ ነው፤ ሁለተኛው ንባቡን ብቻ ነው የሚቀይረው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሠራም። በፋይሉ ውስጥ አንድም ደህና የአማርኛ ፊደል ቢኖር ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ያንን ፊደል ጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ስለዚህ ቅጂ ላይ ነው የሚሠራው፤ የመጀመሪያው ፋይል አይነካም።

ፓይተን የሚችል ሰው ይህን ይጠቀም፦

```
def byte(c):
    try:
        return c.encode("cp1252")
    except UnicodeEncodeError:
        return c.encode("latin-1" if ord(c) < 256 else "utf-8")

s = open("idir.csv", encoding="utf-8-sig").read()
t = b"".join(byte(c) for c in s).decode("utf-8")
open("idir2.csv", "w", encoding="utf-8-sig").write(t)
```

በመሀል ያለው `except` ለምን አስፈለገ? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ላይ ወዳየናት ሰላም እንመለስ። ዘጠኝ ባይት ዘጠኝ ምልክት መሆን ሲገባው የሚታየው ስምንት ብቻ ነው። የጎደለው የም የመጨረሻ ባይት፣ 157 ነው። የ1252 ሰንጠረዥ ለአምስት ቁጥሮች ምንም ፊደል አልመደበም፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ዊንዶውስና የኢንተርኔት ማሰሻዎች እነዚህን ሲያገኙ የማይታይ ምልክት አድርገው ያቆዩአቸዋል። ፓይተን ግን በራሱ `cp1252` ሕግ አይቀበላቸውም፤ ሥራውን አቋርጦ ስህተት ይላል። `except` የሚለው መስመር እነዚያን የማይታዩ ምልክቶች በሌላ ሰንጠረዥ አሳልፎ ቁጥራቸውን ያተርፋል።

ለእኛ ቋንቋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባዶዎቹ አምስት ቁጥሮች የሚያርፉት በማንጠቀምባቸው ፊደላት ላይ ቢሆን ኖሮ ግድ ባልሰጠን ነበር። የሚያርፉት ግን በም፣ በል፣ በው፣ በግ፣ በዝ፣ በኝ፣ በነ፣ በቁ እና በሁ ላይ ነው። «ነው» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ነ 225፣ 138፣ 144 ናት፤ ው 225፣ 139፣ 141 ናት። ሁለቱም የመጨረሻ ባይታቸው ከባዶዎቹ ነው። ጽሑፉ በኢሜይል፣ በመልእክት ሳጥን ወይም «የማይታዩ ምልክቶችን አጽዳ» በሚል ፕሮግራም ውስጥ ሲያልፍ እነዚያ ምልክቶች ይጠፋሉ፤ የሚቀረው áŠá‹ ብቻ ይሆናል። አንድ ገጽ አማርኛ ውስጥ ስንት «ነው» እንዳለ ማሰብ ብቻ ይበቃል።

የፈ ቤት ችግር ደግሞ ይለያል። ለእነርሱ ባዶው መካከለኛው ባይት ነው፤ ፈ 225፣ 141፣ 136 ናት። 141 ሲጠፋ የሚቀረው áˆ ነው፤ ይህም መጨረሻዋ ከተቆረጠው ም፣ ከል፣ ከሁ ወይም ከሐ ቅሪት ጋር አንድ ነው። በዚሁ ዓይነት ፋ ከተቆረጠ ው ጋር፣ ፊ ከተቆረጠ ነ ጋር፣ ፌ ከተቆረጠ ግ ጋር ይመሳሰላሉ። ፍማ á ብቻዋን ትቀራለች። እዚህ ደረጃ ላይ ኮምፒውተር ሊመልሰው የሚችለው ነገር የለም፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ማንበብ አለበት። á‰ ብቻውን ከቆመ ቁ ወይም ፉ ነው፤ á‹ ከሆነ ው፣ ዝ፣ ዐ ወይም ፋ። የሚያጽናናው አራት ነጥብ መትረፉ ነው፤ ። መካከለኛ ባይቷ ቢጠፋም á¢ ሆና ትቀራለችና ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል። ነጠላ ሰረዝም á£ ሆና ትገኛለች።

ሌላው ወጥመድ 160 ቁጥር ነው። በ1252 ይህ ቁጥር የማይሰበር ክፍተት ይባላል፤ ዓይን ከተራ ክፍተት አይለየውም። አ እና በ የሚያበቁት በዚሁ ቁጥር ነው፤ ሠ እና ጠም እንዲሁ። ከላይ በአለሙ ስም ውስጥ ከŠ ቀጥሎ ያለችው ባዶ ቦታ የአ ሦስተኛ ባይት ናት። ሰው ዝርዝሩን ሲገለብጥና ሲለጥፍ ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ክፍተት ወደ ተራው ክፍተት፣ ወደ 32፣ ይለውጡታል። ያን ጊዜ ከላይ ያለው ኮድ ስህተት ብሎ ይቆማል። መድኃኒቱ á እና ከተከታይዋ ምልክት በኋላ የሚመጣውን ተራ ክፍተት ሁሉ በ160 መተካት ነው። ነገር ግን ባዶ ባይቶቹም አብረው ጠፍተው ከሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ «ብርሃነ» በሚል ስም መጨረሻ ነ ከተቆረጠች በኋላ የሚመጣው ክፍተት እውነተኛ ክፍተት ነው፤ በችኮላ ከተካነው ብርሃነ መስቀል የሚባለው ሰው ብርሃአመስቀል ሆኖ ያርፋል። ርን፣ ክን እና ይን የሚዘጋው 173 ደግሞ የማይታይ ሰረዝ ስለሆነ እንደ ባዶዎቹ ሁሉ በጽዳት ይጠፋል።

በዐረብኛው ሰንጠረዥ ላይ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ዕድለኛ ነው። 1256 ባዶ ቁጥር የለውም፤ 256ቱም ቦታዎች ተይዘዋል። ስለዚህ ሪያድ የተዘበራረቀው በኮዱ ውስጥ `cp1252` የሚለውን በ`cp1256` ተክቶ ማስኬድ ነው። የዕብራይስጡ 1255 ግን ከ1252 የበለጡ ባዶዎች አሉት፤ አ፣ ከ እና ነ የሚገኙበት 138 ራሱ ባዶ ነው።

ከሞጂባኬ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ከታዩ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ቅርጽ ያለው ፎንት ስለሌለው ነው። ኒያላን ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፎንት መጫን ይበቃል። የእንግሊዝኛ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ተደባልቆ ያለ á ድግግሞሽ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሰነዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፎንት ሠሪዎች የእኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ እያንዳንዱም በራሱ አደራደር። እንዲህ ያለውን ሰነድ ለማንበብ የፎንቱን ስም ማወቅና ለዚያ ፎንት የተሠራ መለወጫ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከላይ ያለው ኮድ አይነካውም።

� የሚለው ምልክት ከታየ አንድ ፕሮግራም ባይቱን ማንበብ አቅቶት በምትኩ ያስቀመጠው ነው። ፋይሉ በዚያ መልክ ሴቭ ካልተደረገ ትክክለኛው ሰንጠረዥ ሲመረጥ ሊጠፋ ይችላል። ሴቭ ከተደረገ የመጀመሪያው ባይት ተተክቷል፤ እንደ ጥያቄ ምልክቱ ሁሉ መመለሻ የለውም። እየተደጋገመ � የሚል ብታዩም ይኸው � እንደገና ተዘበራርቆ ነው፤ á ያለባቸውን መስመሮች ለማዳን ጊዜ ስጡ፤ እነዚህን ግን ከዋናው ምንጭ ጠይቁ። የእድሩ ጸሐፊ ጉግል ሺትስ ላይ ዋናው አለው፤ በወረቀት የተፈረመ መዝገብም ይኖረዋል።

ሥራው ሲያልቅ በአዲሱ ፋይል ውስጥ á፣ ? እና � አንድ በአንድ ይፈለጋሉ። የመስመሩ ብዛት ከድሮው ጋር ይመሳከራል። ከዚያ ም፣ ው፣ ነ ወይም የፈ ቤት ፊደላት ያሉባቸው ስሞች ይነበባሉ፦ ተስፋዬ፣ ፍቅርተ፣ ወልደ ማርያም፣ አለምነው። እነዚህ ከተስተካከሉ ሌሎቹም የተስተካከሉ ናቸው፤ አዲሱ ቅጂ ለገንዘብ ያዧ ሊላክ ይችላል፣ የተዘበራረቀው ግን እስክታረጋግጥ ድረስ አይሰረዝም።